ሜትሩ 12.6 እያለ ሞተሩ ለምን አይነሳም?

ጥያቄ፦ «የመኪናዬን ባትሪ በመልቲሜትር ስለካው 12.6 ቮልት ያሳያል። ቁልፉን ሳዞር ግን መብራቱ ይፈዛል። አንዳንዴ ሞተሩ አንድ ጊዜ ያቃስትና ይቆማል፣ አንዳንዴ ደግሞ ትክ ትክ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሜትሩ 8 አካባቢ ይወርዳል፤ ቁልፉን ስለቅ ተመልሶ ይወጣል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ቮልቱ የት ይሄዳል? ወይስ ሜትሬ ነው የተበላሸው?»

ምላሽ፦

ሜትርዎ ጤነኛ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ነው የነገረዎት። የጠፋው አራት ቮልት ተኩል ገደማም የትም አልሄደም። ከባትሪው ሳይወጣ እዚያው ውስጥ፣ ወይም ከባትሪው ራስ ሁለት ጣት በማይርቅ ቦታ ላይ ቀርቷል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ 12.6 ከየት እንደሚመጣ እንይ። ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ውስጥ በተርታ የተያያዙ ስድስት ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሙሉ ሲሆን 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ይሆናሉ። ይህን ቁጥር የሚወስኑት እርሳሱ፣ እርሳስ ዳዮክሳይዱና የሰልፈሪክ አሲዱ ጥንካሬ ናቸው። እርሳሱን የያዙት ፕሌቶች ስፋት እዚህ ውስጥ አይገባም። ጥፍር የምታህል ፕሌትና መጽሐፍ የምታህል ፕሌት አንድ ዓይነት አሲድ ውስጥ ቢነከሩ ሁለቱም እኩል 2.1 ቮልት ያሳያሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ሥራ ሲታዘዙ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ላይ ባልሆነ ባትሪ ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ስለ ኬሚካሉ እንጂ ስለ ጉልበቱ ምንም አይናገርም። ፕሌቱ ግማሹ ሞቶ ግማሹ ቢቀር፣ የቀረው ግማሽ 2.1 ቮልቱን ያለ ችግር ያሳያል። ውሃው ተኖ ያለቀ ባትሪማ አሲዱ ስለሚጠነክር እንዲያውም ከጤነኛው ከፍ ያለ ቮልት ሊያሳይ ይችላል።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። ከረንት ከፕሌት ተነስቶ ተርሚናል ላይ እስኪደርስ ብዙ ነገር ያቋርጣል። በአሲዱ ውስጥ ያልፋል፣ በፕሌቶቹ መካከል ባለው መለያ ቀዳዳዎች ይሾልካል፣ በእርሳስ መረቡ ላይ ይሮጣል፣ ከሴል ወደ ሴል በሚያገናኙት ድልድዮች ይሻገራል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይቋቋሙታል። የሁሉም ድምር የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ ይባላል።

ይህን መንገድ ኬላ እንዳለው መንገድ ያስቡት። ቀረጡ የሚከፈለው በሚያልፈው ከረንት ልክ ነው። ማንም ካላለፈ ማንም አይከፍልም። ጥቂት ካለፈ ጥቂት ይከፈላል። ብዙ ሲያልፍ ቀረጡ ብዙ ይሆናል፤ የሚከፈለውም በቮልት ነው። በቀመር ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
V = E − I × r
```

`E` ኬሚካሉ የሚሰጠው ሙሉ ቮልቴጅ ነው። `I` የሚወጣው ከረንት፣ `r` የውስጥ ሬዚስታንሱ ነው። `V` ደግሞ ከቀረጥ በኋላ ተርሚናሉ ላይ የሚተርፈው ነው። ከረንቱ ሲጨምር `V` የሚወርደው `E` ስለደከመ አይደለም። ተቀናሹ ስለበዛ ነው።

መልቲሜትሩ ለምን 12.6 እንዳሳየዎትም እዚሁ ግልጽ ይሆናል። የተለመደ ዲጂታል ሜትር የራሱ ሬዚስታንስ 10 ሜጋ ኦም ገደማ ነው። ከባትሪዎ የሚስበው ከረንት ከአምፔር አንድ ሚሊዮንኛ ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ከረንት የሚከፈለው ቀረጥ ከዜሮ አይለይም። ኬላው ምንም ያህል ቢጨክን ሜትሩ ላይ አይታይም። ባትሪን በሜትር ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት አንድን ሰው ተቀምጦ እያለ አይቶ ሯጭ ነው እንደማለት ነው።

ሞተሪኖው ግን ሌላ ነገር ነው። ሞተር ለማዞር ከመቶ አምፔር በላይ ይጠይቃል፤ እንደ ሞተሩ ትልቅነት ሁለት መቶና ከዚያ በላይም ይሆናል።

የእርስዎን ባትሪ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ከጠቀሷቸው ምልክቶች ጋር እንዲገጥሙ አድርጌ ነው የመረጥኳቸው፤ እርስዎ ለክተው በራስዎ ይተኳቸዋል። የሚያስፈልገው የዲሲ ከረንት የሚለካ ክላምፕ ሜትርና አንድ መልቲሜትር ነው። ክላምፕ ሜትሩን ሲዋሱ ዲሲ መለካቱን ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ክላምፖች ኤሲ ብቻ ናቸው፣ ባትሪ ላይ ዝም ብለው ዜሮ ያሳያሉ።

የፊት መብራቱን አብርተው ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ይህ ጥበቃ ለጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ባትሪ ከቻርጅ እንደወጣ ፕሌቱ ላይ ቶሎ የሚጠፋ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይቀመጣል፤ እሱ ካልተራገፈ የመጀመሪያው ንባብ ያታልላል። ከዚያ ይለኩ። ክላምፑ 10 አምፔር፣ ቮልት ሜትሩ 12.20 አሳየ እንበል።

ቀጥሎ ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ሦስት አራት ሴኮንድ ያዙር። ሜትሮቹ `MIN/MAX` የሚል ቁልፍ ካላቸው ይጫኑት፤ ዓይን የማይደርስበትን ቅጽበት ይይዛል። አሁን ክላምፑ 110 አምፔር፣ ቮልት ሜትሩ 8.20 አሳየ። ስሌቱ ቀላል ነው፦

```
r = (12.20 − 8.20) / (110 − 10) = 4.00 / 100 = 0.04
```

የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.04 ኦም ነው። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። በ10 አምፔር ጊዜ በርግጥም ኢምንት ነው፤ የሚያስከፍለው 0.4 ቮልት ብቻ ነው። 12.20 ላይ 0.4 ሲደመር 12.6 ይመጣል፤ እርስዎ መጀመሪያ ያነበቡት ቁጥር ነው። በ110 አምፔር ጊዜ ግን ያው 0.04 ኦም 4.4 ቮልት ይበላል። 8.2 ላይ 4.4 ቢደምሩ ተመልሰው 12.6 ያገኛሉ። የጠየቁት ቮልት እዚህ ነው ያለው።

የተበላው ቮልት ሙቀት ይሆናል። 110 አምፔር በ4.4 ቮልት ሲባዛ 484 ዋት ነው። ያ ሁሉ ባትሪውን ከውስጥ እያሞቀ ያልቃል። ለሞተሪኖውና ለመብራቱ በአንድነት የደረሰው 900 ዋት ገደማ ብቻ ነው።

ያንኑ ጭነት የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.006 ኦም የሆነ ጤነኛ ባትሪ ላይ ቢያስሩትስ? ጭነቱ በዚያ ቅጽበት 0.0745 ኦም ያህል ነው፤ 8.2ን ለ110 ማካፈል ነው። ከ0.006 ጋር ሲደመር 0.0805 ይሆናል። 12.6 ለ0.0805 ሲካፈል 156 አምፔር ይወጣል። ቀረጡ አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ተርሚናሉ ላይ 11.7 ቮልት ገደማ ይተርፋል። ወደ ውጭ የሚደርሰው ኃይል ወደ 1,800 ዋት ይጠጋል፣ እጥፍ ማለት ነው። ቮልቱ በሲሶ ገደማ ወረደ ብለን ስናዝን ጉልበቱ በግማሽ ወርዷል፤ ቮልት ሲወርድ ከረንቱም አብሮ ስለሚወርድ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሞተሪኖ ተራ ሬዚስተር አይደለም፤ መዞር ሲጀምር ከረንቱን ራሱ ይቀንሳል። ሳይዞር አቃስቶ በሚቆምበት ቅጽበት ግን እንደ ሬዚስተር ብንቆጥረው ብዙ አንስትም።

ትክ ትክ የሚለው ድምፅም ከዚሁ የመጣ ነው። ሞተሪኖው ላይ ከረንቱን የሚያገናኝ በማግኔት የሚሳብ መቀያየሪያ አለ፣ ሶሌኖይድ ይሉታል። ቁልፉን ሲያዞሩ ይሳባል፣ ትክ ይላል፣ ትልቁን ከረንት ያገናኛል። በዚያ ቅጽበት ቮልቱ ዝቅ ይላል። ማግኔቱ ይዞ መቆየት ያቅተውና ይለቃል። ሲለቅ ከረንቱ ይቋረጣል፣ ቀረጡ ይቀራል፣ ቮልቱ ተመልሶ 12 ይገባል። ያኔ ማግኔቱ እንደገና ይስባል። ይህ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነው እንደ ታይፕራይተር የሚንጣጣው። ሶሌኖይድ ተበላሸ ብለው የሚቀይሩ ሰዎች አሉ። ቢሆንማ ኖሮ መብራቱ አብሮ አይፈዝም ነበር።

ቁልፉን ሲለቁ ቮልቱ እንዴት እንደሚመለስም ያስተውሉ፣ ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ በአንዴ ይዘላል። ከዚያ ደግሞ ለደቂቃዎች ቀስ እያለ ይወጣል። በአንዴ የሚዘለው የመረቡ፣ የድልድዩና የአሲዱ ቀጥተኛ ሬዚስታንስ ነው፤ ከረንቱ ሲቆም እሱም ወዲያው ይቆማል። ቀስ የሚለው ግን ሌላ ምክንያት አለው። ባትሪ ከረንት ሲሰጥ በፕሌቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አሲድ ይበላል፤ ከውጭ ያለው ጠንካራ አሲድ ቀስ እያለ ገብቶ እስኪተካው ጊዜ ይወስዳል። ሞተር እንቢ ሲል አምስት ደቂቃ አሳርፎ እንደገና መሞከር የሚሠራውም ለዚህ ነው። ባትሪው አዲስ ጉልበት አላገኘም፤ አሲዱ ቦታው ደርሶ ነው።

በዚህ ምክንያት `r` አንድ ቋሚ ቁጥር አይደለም። ሴኮንድ ቆይተው ከለኩት አንድ ነገር ያገኛሉ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይተው ከለኩት ከፍ ያለ ያገኛሉ። በእጅ የሚያዙት ትንንሽ የባትሪ ቴስተሮች ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥ ትንሽ ምልክት ስለሚለኩ ዘገምተኛውን ክፍል አያዩትም። ስለዚህ የእነሱ ቁጥር ከላይ ካሰላነው ዝቅ ቢል አይገረሙ። ዋናው አንዱን ዘዴ ይዞ፣ በዚያው ዘዴ ከወር በፊት ከተለካው ጋር ማወዳደር ነው።

የቮልት መውረድ ብቻውንም ብልሽት አይደለም። ባትሪው ላይ `CCA` ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ። 500 ከሆነ ባትሪው በ−18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ሴኮንድ 500 አምፔር እየሰጠ ከ7.2 ቮልት አይወርድም ማለት ነው። አምራቹ ራሱ ወደ 7.2 እንደሚወርድ ከመጀመሪያው እየነገረን ነው። ብርዱም ያለ ምክንያት አልተጠቀሰም። አሲዱ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ የኬሚካሉ ሥራም ይዘገያል፣ `r` ይጨምራል። በመደበኛ ሙቀት፣ 21 ዲግሪ አካባቢ፣ የተለመደው ፈተና የ`CCA`ውን ግማሽ ለ15 ሴኮንድ መሳብ ነው። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ወድቋል። የእርስዎ ግን ከ250 አምፔር በጣም በታች ሆኖ 8 ገብቷል።

`r` ለምን ያድጋል? ብዙ ጊዜ ባትሪው ሳይሞላ በመቀመጡ ነው። ባትሪ ሲያወጣ ፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፣ ይህ ጤናማ ነው፣ ቻርጅ ሲደረግ ይጠፋል። ለሳምንታት እንዲሁ ከቆየ ግን ሰልፌቱ ትልልቅ ክሪስታል ሆኖ ይጠነክራል። ሰልፌት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የሸፈነው የፕሌት ክፍል ከሥራ ውጭ ይሆናል። ሁለተኛው እርጅና ነው። የፖዘቲቩ ፕሌት መረብ ከዓመት ዓመት እየተበላ ይሳሳል፣ ከላዩ ያለው ማቴሪያልም እየረገፈ ከታች ይከማቻል። መጽሐፍ የሚያህለው ፕሌት ቀስ በቀስ ጥፍር ወደሚያህለው ይጠጋል፤ ቮልቱ 2.1 እንዳለ፣ ኬላው እየጠበበ ይሄዳል። ስድስቱ ሴሎች በተርታ ስለሆኑ ደግሞ የአንዱ መታመም ይበቃል። ከረንቱ በእሱም ማለፍ ግድ ነው።

አሁን ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ይህ ሁሉ ስሌት 0.04 ኦሙ ባትሪው ውስጥ ነው ብሎ ነው የተነሳው። ላይሆን ይችላል፤ እኔም ተሞኝቼበት አውቃለሁ። የአንድ ዘመድ መኪና እንደእርስዎ ትክ ትክ ይል ነበር። ለካሁ፣ 8 ቮልት። በሙሉ ልብ «ባትሪው ሞቷል» አልኩ። አዲስ ተገዛ፣ ተገጠመ፣ ቁልፉ ዞረ። ትክ ትክ። የሜትሩን ጫፍ ያሳረፍኩት ገመዱን በሚይዘው ማሰሪያ ላይ እንጂ በራሱ በባትሪው እርሳስ ላይ አልነበረም። ማሰሪያው ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነበር። ፈትቼ ውስጡን ሳየው ግራጫ ቅርፊት ለብሷል። ዘመዴ እስከዛሬ አልረሳልኝም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። አንዱን የሜትር ጫፍ ከባትሪው በወጣው የእርሳስ ራስ መሃል ላይ ይጫኑ። ሌላውን ገመዱን በያዘው ማሰሪያ ላይ። ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ጤነኛ ግንኙነት ከሆነ ንባቡ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ይጠርጥሩ። በሁለቱም ራሶች ላይ ይሞክሩት። ከዚያ አንዱን ጫፍ በኔጌቲቩ የእርሳስ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ይድገሙት፤ የመሬት ገመዱ ሲዝግ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። ቅርፊቱ 0.02 ኦም ብቻ ቢሆን በ110 አምፔር 2.2 ቮልት ይበላል፣ ከ240 ዋት በላይ ሙቀትም ያወጣል። ሞተር ለማስነሳት ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ማሰሪያውን በጣትዎ ቀስ ብለው ይንኩት። ከሞቀ ሌባው እሱ ነው።

ሁለት ነገር ግን በፍጹም አይሞክሩ። የሜትሩን ማዞሪያ ኦም ላይ አድርገው የውስጥ ሬዚስታንሱን ልለካ አይበሉ። ኦም ሜትር የሚሠራው ራሱ በሚልከው ትንሽ ከረንት ነው፤ ባትሪ ላይ ሲያደርጉት የሚያሳየው ቁጥር ትርጉም የለውም፣ ሜትሩም ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛው የባሰ ነው። አምፔር ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ በባትሪው ራሶች ላይ አያሳርፉ። ያ ሾርት ማድረግ ነው። 12.6ን ለ0.04 ሲያካፍሉ 315 አምፔር ይሆናል፤ ሽቦውና የሜትሩ ውስጥ ትንሽ ቢቀንሱትም የ10 አምፔር ፊውዝ ላለው ሜትር ይህ ፍንዳታ ነው። ባትሪ አጠገብ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊኖር እንደሚችልም አይዘንጉ።

ሁለቱ ጫፎች በእርሳሱ ራስ ላይ ሆነው ቁልፉ ሲዞር ንባቡ አሁንም 8 ከገባ፣ ነገሩ ባትሪው ውስጥ ነው። ሌሊቱን በቻርጀር ቀስ ብለው ይሙሉት፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው ልኬቱን ይድገሙ። ገና ያልጠነከረ ሰልፌት ከሆነ `r` በግልጽ ሊቀንስ ይችላል። ከ0.04 ካልተነቃነቀ ይቀይሩት። ንባቡ በእርሳሱ ራስ ላይ ከ11 በላይ ሆኖ ሞተሪኖው ካቃሰተ ግን ባትሪውን ይተዉትና ማሰሪያዎቹን ፈትተው ውስጣቸውን በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉ፤ ሲፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ሲያስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ።